የአክስቴ ሁለት ዓመት፦ ጡረታ ወይስ ፕሮቪደንት ፈንድ?

አክስቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ ምግብ ታበስላለች። የተቀጠረችው ጥቅምት 2010 ዓ.ም ነው። በቅጥር ፎርሟ ላይ የልደት ቀኗ ጥር 1960 ተብሎ ስለተመዘገበ ያኔ ወደ 50 ዓመት ተጠግታ ነበር። ዘንድሮ 58 ሞላት። ጉልበቷ ያማታል፣ የደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድም አልቻላትም። ልጇ ደግሞ "እማዬ በቃሽ፣ ብርሽን ተቀብለሽ ውጪና እንጀራ እንሽጥ" ትላታለች።

የፋብሪካ ደመወዝ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ እኔ ዘንድ መጣች። "ልልቀቅ? ብሬ ስንት ይሆናል?" አለችኝ።

ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ፋብሪካ የገባው ሰው አብዛኛው ከእርሻ፣ ከቤት ወይም ከጉልት ነው የመጣው። አንዳንዱ ዕድሜው ከገፋ በኋላ ይገባል። ሌላው በወጣትነቱ አምስት ስድስት ዓመት ሠርቶ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። ሁለቱም ቢሮ ሲመጡ አንድ ነገር ይላሉ፦ "ፈንድ ቢሆን ኖሮ ብሬን ይዤ እወጣ ነበር።"

ልዩነቱ አጭር ነው። ፕሮቪደንት ፈንድ የቁጠባ ሒሳብ ነው። አንተም አሠሪህም በየወሩ ታስገባላችሁ፣ ስትወጣ የተጠራቀመውን ባንዴ ትቀበላለህ፣ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ጡረታ ግን በስምህ የተቀመጠ ብር አይደለም፣ መብት ነው። መዋጮህ ወደ ጋራ ቋት ይገባል። መስፈርቱን ካሟላህ እስክትሞት በየወሩ ይከፈልሃል። ስለዚህ ጡረታ ላይ "ብሬ ስንት ደረሰ?" ብሎ መጠየቅ አይሠራም። የሚጠየቀው "አገልግሎቴ ስንት ዓመት ደረሰ?" ተብሎ ነው።

ምርጫውም ለሁሉም ክፍት አይደለም። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ የወጣው በ2003 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 715 ነው። ያኔ ፕሮቪደንት ፈንድ ውስጥ የነበሩ ሠራተኞች እዚያው የመቀጠል ወይም ወደ ጡረታ የመዞር ምርጫ ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ለተቀጠረው ግን ጡረታው ግዴታ ነው። አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1268 ሲሆን የወጣው በ2014 ዓ.ም ነው። መዋጮው ከሠራተኛው መደበኛ ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ ነው። አንዳንድ ድርጅቶች ከጡረታው በላይ ተጨማሪ ፈንድ አላቸው፣ እሱ ግን በውስጥ ስምምነት የሚመጣ ነው። እንደ አክስቴ ያለ ሰው እንግዲህ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አይችልም። ያለው ውሳኔ መቼ ልውጣ የሚለው ብቻ ነው። ይህን ለመወሰን ደግሞ ሁለቱን በቁጥር ማወዳደር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። በዚያ ዕድሜ የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ይጠየቃል። 10 ዓመት የሞላው ሰው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ለሚያገለግለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ብዙ ሰው ሰምቷቸዋል፣ ግን አጥብቆ አያያቸውም። የመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ካስገኙ እያንዳንዱ ዓመት 3 በመቶ አስገኘ ማለት ነው። አሥራ አንደኛው ዓመት ግን 1.25 በመቶ ብቻ ነው የሚጨምረው። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ያገኛል። መዋጮውን የከፈለው ሦስት እጥፍ ለሚሆን ጊዜ ነው፣ አበሉ ግን እጥፍ እንኳ አልሞላም። ስለዚህ "ጡረታ ረጅም ለሠራ ሰው ነው" የሚለው ወሬ ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ለከፈለው ብር ሲታይ ከጡረታው ከሁሉም በላይ የሚጠቀመው 10 ዓመቷን ሞልቶ የወጣ ሰው ነው። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ደግሞ 9 ላይ የቀረው ነው።

9 ላይ የቀረው ሰው ባዶ እጁን አይወጣም። 60 ዓመት ሞልቶት አገልግሎቱ ከ10 ዓመት ካነሰ ዳረጎት ይከፈለዋል። ዳረጎት የሚሰላው በመጨረሻው ወር ደመወዝና በአገልግሎት ዓመቱ ነው። ባንዴ ተከፍሎ ያልቃል። 9 ዓመት ላገለገለ ሰው ከአንድ ዓመት ደመወዝ ብዙም አይዘልም።

የአክስቴን ስሌት አብረን እንሥራው። ቁጥሮቹን ለማቅለል ትንሽ አስተካክዬአቸዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ 4 ዓመታት መደበኛ ደመወዟ 3,000 ብር፣ በቀጣዮቹ 3 ዓመታት 4,500፣ በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት 6,000 ብር ይሁን። 18 በመቶው በወር መጀመሪያ 540፣ ከዚያ 810፣ ከዚያ 1,080 ብር ይመጣል። በ10 ዓመት ውስጥ እሷና አሠሪዋ ያስገቡት ሲደመር 93,960 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ከእሷ ኪስ የወጣው 36,540 ብር ነው።

ጡረታው የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት ደመወዝ ነው የሚያየው፣ እሱም 6,000 ነው። 30 በመቶው በወር 1,800 ብር ይሆናል። ሕጉ ዝቅተኛ የአበል ወለልም ስላለው፣ ስሌቱ ከወለሉ በታች ከወጣ የሚከፈለው ወለሉ ነው። በ1,800 ብር ብንሄድ እሷ ራሷ ያዋጣችውን በ21 ወር ውስጥ ትመልሳለች። የአሠሪዋም ተደምሮ በአራት ዓመት ከአራት ወር ገደማ ያልቃል። 64 ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የምትቀበለው ሁሉ ከቋቱ ነው።

"ፈንዱ ግን ወለድ አለው" የሚል ይኖራል። ትክክል ነው። እንግዲህ ያው 18 በመቶ በፕሮቪደንት ፈንድ ተቀምጦ በየዓመቱ 7 በመቶ ወለድ ይታሰብለት። በ10 ዓመት መጨረሻ 123,000 ብር አካባቢ ይደርሳል። ይህ ባንዴ እጅ ላይ ሲገባ ትልቅ ብር ነው። አክስቴ ብሩን ባንክ አስቀምጣ፣ ወለዱም እየታሰበ፣ በየወሩ 1,800 ብር ብቻ ብታወጣ ሰባት ዓመት ከሦስት ወር ያቆያታል። 67 ዓመቷ ላይ ሒሳቡ ባዶ ይሆናል። ይህ ሁሉ ታዲያ አንድም ቀን ከዚያ በላይ ሳታወጣ ነው። ጣሪያው ቢያፈስ፣ ልጅ ቢዳር፣ ዘመድ ታሞ አዲስ አበባ ቢላክ ሳትነካው ነው። እንዲህ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሰው እኔ አላየሁም። አክስቴን ስጠይቃት "እኔም አልችልም" አለችኝ።

ጡረታው የሚያሸንፍበት ሌላም ምክንያት አለ። ፈንዱ የሚጠራቀመው ደመወዝህ ትንሽ በነበረበት ጊዜ ከተቆረጠው ጭምር ነው። ከ3,000 ብር የተቆረጠው 540 ብር 540 ሆኖ ነው የሚያድገው። ጡረታው ግን የድሮውን ደመወዝ አያይም፣ የመጨረሻውን ነው የሚያየው። ኑሮ እየተወደደ ደመወዝም በየጊዜው በሚጨምርበት አገር ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ጡረታው የሚሸነፍበት ቦታም አለ። አክስቴ ባሏ ሞቷል፣ ልጇም አድጋለች። ባል ቢኖራት ኖሮ እሷ ስትሞት የአበሏን 50 በመቶ ያገኝ ነበር። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ቢኖራትም ለእያንዳንዱ 20 በመቶ ነበር። እሷ ግን 61 ዓመቷ ላይ ብትሞት የቀረው ለልጇ አይተላለፍም። ፈንድ ቢሆን የተረፈው ብር ይወረስ ነበር። ስለዚህ በጠና የታመመ፣ አበሉን የሚቀበል ተተኪ የሌለው፣ ግን ሊያወርሰው የሚፈልገው ትልቅ ልጅ ያለው ሰው ፈንድ ቢመኝ አልፈርድበትም። ሌላው ችግር ኑሮ ውድነት ነው። አበሉ የሚስተካከለው በየጊዜው በመንግሥት ውሳኔ እንጂ ከገበያ ጋር አብሮ እየወጣ አይደለም። የዛሬ 1,800 ብር የዛሬ አሥር ዓመት ምን እንደሚገዛ ሁላችንም እንገምታለን። ባንክ የተቀመጠ ብርም ግን ከዚህ አያመልጥም።

አሁን ሌላውን አጭር ሠራተኛ እንመልከት። ቢሮዬ የሚመጣ አንድ የጅሩ ልጅ አለ። በ22 ዓመቱ ገብቶ 6 ዓመት ሠርቷል። ለቆ እነዋሪ ተመልሶ ሰንጋ ማደለብ ይፈልጋል። የጅሩ ሰንጋ ገበያው የታወቀ ነው፣ ሙያውንም ከአባቱ ጋር ተምሮታል። የሚያስፈልገው መነሻ ብር ነው።

ደመወዙን 4,500 ብር አድርገን ብንይዘው 18 በመቶው በ72 ወር 58,320 ብር ይሆናል። ፈንድ ውስጥ ቢሆን ይህን ያህል ይዞ ይወጣ ነበር ብሎ ያስባል። ይሄ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የፕሮቪደንት ፈንድ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ብዙዎቹ ደንቦች ሠራተኛው ያዋጣውን ሙሉውን ይመልሳሉ፣ የአሠሪውን ድርሻ ግን በአገልግሎት ዓመት እየከፋፈሉ ነው የሚሰጡት። ለምሳሌ በ6 ዓመት ለሚወጣ ሰው የአሠሪውን ግማሽ ብቻ የሚፈቅድ ደንብ ቢሆን ልጁ የሚያገኘው 22,680 ብር የራሱንና 17,820 ብር የአሠሪውን፣ በድምሩ 40,500 ብር ነው። ፈንድ ያላችሁ ሰዎች ከመልቀቃችሁ በፊት ይህን አንቀጽ አንብቡ። ሦስት ወር ብትቆዩ ወደሚቀጥለው እርከን የምትገቡ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ያም ሆኖ ለዚህ ልጅ ፈንድ ይሻለው ነበር ብዬ አምናለሁ። ከደመወዝ ሥራ በቁርጥ የሚወጣ ከሆነ ማለቴ ነው። 28 ዓመቱ ነው፣ 60 እስኪሞላው 32 ዓመት ይቀረዋል። 6 ዓመት ብቻውን የዕድሜ ልክ አበል አያስገኝም። ዛሬ 40,000 ብር በእጁ ቢኖር ግን ሥራ ይጀምርበት ነበር። እዚህ ላይ የጡረታ ሥርዓታችን ለወጣት ሠራተኛ ጠባብ ነው። ሲወጣ ያዋጣውን እንኳ ቆጥሮ በእጁ የሚሰጠው የለም። ሕጉ ቢያንስ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተሻለ መንገድ ሊያበጅ ይገባል እላለሁ።

ልጁ ግን አንድ ነገር አላወቀም ነበር። 6 ዓመቱ አልጠፋም። ነገ ሌላ ፋብሪካ፣ ሌላ ከተማ ወይም መንግሥት መሥሪያ ቤት ቢቀጠር ቆጠራው ከ6 ይቀጥላል። በመንግሥትና በግል ድርጅት የተሰጠ አገልግሎት ይደመራል። የጎደለው 4 ዓመት ነው፣ እነዚያ 4 ዓመታት ደግሞ ውድ የሆኑት የ3 በመቶ ዓመታት ናቸው። በ50 ዓመቱ እንኳ ተመልሶ ቢቀጠር አበሉ የሚሰላው በያኔው ደመወዝ ነው። በግል ሥራ ላይ ያለ ሰውም በፈቃዱ በጡረታው እንዲሸፈን ሕጉ በር ከፍቷል። ስለዚህ ሲወጣ የጡረታ መለያ ቁጥሩን፣ የቅጥር ደብዳቤውንና የሥራ ልምድ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ እናቱ ሳጥን ውስጥ እንዲያስቀምጥ ነግሬዋለሁ። ከሃያ ዓመት በኋላ ፋብሪካው ቢዘጋ ማስረጃው ያ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የሚበላሸው ነገር በሁለቱ የተለያየ ነው። ፈንዱ የሚበላሸው ብሩ አሠሪው እጅ አጠገብ ስለሚቀመጥ ነው። ድርጅቱ ሲቸገር ለሥራ ማስኬጃ ይነካዋል፣ ሠራተኛውም ራሱ እየተበደረ ይጨርሰዋል። የባንክ መግለጫው በዓመት አንዴ እንኳ የማይታይ ከሆነ መጠርጠር ነው።

ጡረታው የሚበላሸው በወረቀት ነው። እኔ ደመወዝ ስለምሠራ በየቀኑ አየዋለሁ። ሠራተኛው በ2010 ተቀጥሮ ጡረታ መቆረጥ የተጀመረለት በ2012 ሊሆን ይችላል። "ኮንትራት ስለሆነ ነው" ይባላል። ሕጉ ግን ለ45 ቀንና ከዚያ በላይ የተቀጠረን ኮንትራት ሠራተኛም ይሸፍናል። ሌላው ደግሞ ከሚከፈለው ብር ግማሹ በጥቅማ ጥቅም ስም ይጻፍለታል። መዋጮ የሚቆረጠው ከመደበኛ ደመወዝ ነው፣ አበሉም የሚሰላው ከዚያው ነው። ሠራተኛው በእጁ ስለሚደርሰው ብር ብቻ ካሰበ በ60 ዓመቱ ይደነግጣል። ከሁሉም የከፋው 7 በመቶው ተቆርጦ ወደ ቋቱ ሳይገባ ሲቀር ነው። ይህን በደመወዝ ወረቀት ላይ ማወቅ አይቻልም፣ ወረቀቱ መቆረጡን እንጂ መድረሱን አያሳይም። የሚታወቀው የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ሄዶ በመለያ ቁጥር ሲጠየቅ ነው። በስንት ደመወዝ፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ፣ እስከ የትኛው ወር እንደገባ ጠይቁ።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ስሌቱን ካሳየኋት በኋላ ዝም አለች። "እንግዲያ ሁለት ዓመት መቻል ነው" አለች። ፎርሟ ላይ ባለው ልደት 60 የሚሞላት ጥር 2020 ነው። ያኔ አገልግሎቷ 10 ዓመት ከ3 ወር ይሆናል። በጥቂት ወራት ነው መስመሩን የምታልፈው። ዛሬ ብትለቅ 8 ዓመት ላይ ቆማ ትቀራለች፣ 58 ዓመቷ ላይ ወጥታ ደግሞ ሌላ ቀጣሪ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ እንዳትለቅ መከርኳት። ጉልበቷ እንዳይጎዳ ወደ ቀላል ሥራ እንድትዛወር የድርጅቱን ሰው አነጋግሬላታለሁ።

ከዚያ አንድ ነገር ጣል አደረገች። "ድሮ ትምህርት ቤት ጽዳት ሠርቻለሁ እኮ፣ ይቆጠር ይሆን?"

ከ1998 እስከ 2000 ዓ.ም ሁለት ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤት በቋሚነት ሠርታለች። ጡረታም ይቆረጥባት ነበር። ይህ ከተረጋገጠ ይደመራል። ደስ አለኝ። ግን ትምህርት ቤቱ ባለው ፋይሏ ውስጥ የተጻፈው የልደት ዓመት 1959 ሆኖ ተገኘ። የጡረታ ዕድሜ የሚታየው ሰውየው መጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው ዕድሜ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ፋይል ከቀረበ መውጫዋ በአንድ ዓመት ወደ ኋላ ተስቦ ጥር 2019 ሊሆን ይችላል። ያኔ ፋብሪካው ላይ ያላት 9 ዓመት ከ3 ወር ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱ ሁለት ዓመት በማስረጃ ከተደመረ 11 ዓመት ያልፍና አበሉ ይገኛል፣ ጉልበቷም አንድ ዓመት ያርፋል። ዕድሜው ተገኝቶ አገልግሎቱ ካልተረጋገጠ ግን ዳረጎት ላይ ትወድቃለች። ስለዚህ የፋይሉን ጉዳይ ለማንም ከማንሳታችን በፊት የአገልግሎቱን ማስረጃ ሙሉ ለሙሉ መያዝ አለብን።

ባለፈው ሳምንት አብረን ሄድን። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ግማሽ ቀን አቧራ ስታራግፍ ውላ የቅጥር ደብዳቤውን አገኘችልን። ጡረታ መቆረጡን የሚያሳየው የደመወዝ መክፈያ ሊስት ግን የ1998ቱ ብቻ ነው የተገኘው። የ1999ና የ2000ው ወረዳ ፋይናንስ ሳይሆን አይቀርም ተብለናል። ማክሰኞ ፈቃድ ጠይቃ አብረን እንሄዳለን።